መስመር ለሚከተል ሮቦት የትኛው ሴንሰር ይሻላል? ጠባብ ኩርባ ላይ መወዛወዝን ከሥሩ የሚፈታ ንጽጽር

ሮቦቱ ቀጥታው መስመር ላይ ደኅና ይሄዳል። ኩርባው ጋ ሲደርስ አፍንጫውን ግራና ቀኝ መወርወር ይጀምራል፤ ጥቂት ከተንገዳገደ በኋላ መስመሩን ለቆ ይወጣል። ሠሪው የማስተካከያውን ቁጥር፣ ማለትም Kp የሚባለውን፣ ዝቅ ያደርጋል። መወዛወዙ ይቀራል፤ አሁን ግን ሮቦቱ ኩርባውን ሳይጨርስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቁጥሩን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ ኩርባው ይታለፋል፣ ቀጥታው መስመር ላይ መንቀጥቀጥ ይመጣል።

እኔም በዚህ መካከል ተይዤ ሁለት ሳምንት ያህል ቁጥር ስቀያይር ከርሜአለሁ። በመጨረሻ የገባኝ ነገር ቢኖር የምፈልገው ቁጥር በያዝኩት ሴንሰር ላይ ጨርሶ እንደሌለ ነው። ስለዚህ የሴንሰር ምርጫንና የKp ማስተካከልን እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ማየት አያዋጣም። ከዚህ በታች አማራጮቹን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ሴንሰሩ ለKp ምን ያህል መንቀሳቀሻ ቦታ ይሰጣል?

## መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ ሴንሰሩ የሚናገረው ነገር ነው። «መስመሩ በስተቀኝ ነው» ብቻ የሚል ሴንሰር አለ፤ «መስመሩ ከመሃል 7 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ነው» የሚልም አለ። ተመጣጣኝ ቁጥጥር ማለት ስሕተቱ፣ ማለትም መስመሩ ከመሃል የራቀበት መጠን፣ ሲበዛ እርማቱም እንዲበዛ፣ ሲያንስ እንዲያንስ ማድረግ ስለሆነ የስሕተቱን መጠን የማይናገር ሴንሰር ላይ ሊሠራ አይችልም።

ሁለተኛው ሴንሰሩ ከመሃል ወደ ጎን ምን ያህል ርቆ እንደሚያይ ነው። ሦስተኛው አዲስ ንባብ የሚሰጥበት ፍጥነት ነው፤ የዘገየ ንባብ ሮቦቱን አሁን ባለበት ቦታ ሳይሆን ቀድሞ በነበረበት ቦታ ያርመዋል። አራተኛው የብርሃንና የከፍታ ለውጥን መቻሉ ነው። ከአራቱ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሁለተኛውን ስለሆነ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ።

## Kp የሚኖርበት ክፍተት

ሁለቱ ጎማዎቹ በ10 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ ሮቦት እንውሰድ። የሞተሩ ትእዛዝ ከ0 እስከ 255 ሲሆን መነሻ ፍጥነቱ 120 ነው። ከፊቱ ሬዲየሱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩርባ አለ።

ኩርባውን በትክክል ለመዞር የውስጠኛው ጎማ በ5 ሳንቲ ሜትር፣ የውጪው ደግሞ በ15 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ይዞራል። የፍጥነታቸው ንጽጽር አንድ ለሦስት ነው ማለት ነው፤ 60 እና 180። ከ120 ወደ ሁለቱም አቅጣጫ 60 መጨመርና መቀነስ ያስፈልጋል። የሞተር ትእዛዝና እውነተኛው የጎማ ፍጥነት ሙሉ በሙሉ ተመጣጣኝ ስላልሆኑ ይህ ግምት ነው፤ ለውሳኔ ግን ይበቃል።

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው። እርማቱ ስሕተቱ በKp ተባዝቶ የሚገኝ ስለሆነ ተመጣጣኝ ቁጥጥር ስሕተት ከሌለ እርማት አይሰጥም። 60 እርማት ያለማቋረጥ እንዲመጣ ሮቦቱ በኩርባው ሙሉ ከመሃል ተዛብቶ መሄድ አለበት። በ1 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የተደረደሩ አምስት ሴንሰሮች አሉት እንበል፤ ቦታን ከ0 እስከ 4000 ይናገራሉ፣ መሃሉ 2000 ነው፣ 1000 ማለት 1 ሳንቲ ሜትር ነው። Kp 0.06 ከሆነ 60 እርማት የሚገኘው ስሕተቱ 1000 ሲሆን ነው፤ ሮቦቱ 1 ሳንቲ ሜትር ተዛብቶ ኩርባውን ይዞራል። Kp 0.03 ከሆነ የሚያስፈልገው ስሕተት 2000 ነው። ያ የመጨረሻው ሴንሰር ያለበት ቦታ ስለሆነ ጎማው ትንሽ ቢንሸራተት መስመሩ ከእይታ ይጠፋል።

ስለዚህ ለKp ከታች ወሰን አለው። ወሰኑን የሚያስቀምጡት የኩርባው ጥበት፣ የሮቦቱ ፍጥነትና የሴንሰሩ ስፋት ናቸው። ከላይ ደግሞ ሌላ ወሰን አለ፤ ከዚያ ካለፈ ቀጥታው መስመር ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በእኔ ሮቦት ላይ ይህ የላይኛው ወሰን 0.09 አካባቢ ነበር። ሁለቱ ወሰኖች ካልተላለፉ በመካከላቸው ቁጥር ይገኛል። የታችኛው ከላይኛው ከበለጠ ግን ማስተካከል ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ፍጥነት መቀነስ፣ ሴንሰር መቀየር ወይም የሴንሰሩን ቦታ ማዛወር ግድ ይላል።

ከዚህ ሌላ ማንኛውም Kp የማይጥሰው ጣሪያ አለ። ሞተሩ ከ255 በላይ አይሄድም። በዚህ ሮቦት 10 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለውን ኩርባ ለመዞር የውጪው ጎማ የመነሻውን አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚፈልግ መነሻ ፍጥነቱ ከ170 ማለፍ የለበትም። ሬዲየሱ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የውስጠኛው ጎማ ይቆማል፣ የውጪው እጥፍ ይሮጣል፤ መነሻው ከ127 መብለጥ አይችልም። በ200 እየነዱ በዚህ ኩርባ ላይ Kp መፈለግ የሌለ ነገር መፈለግ ነው።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

ሁለት ዲጂታል ሴንሰሮች። በብዛት የሚገኙት ቲሲአርቲ5000 የተባለው የኢንፍራሬድ ሴንሰር ከማነጻጸሪያ ሰርኪት ጋር የተገጠመባቸው ትንንሽ ቦርዶች ናቸው። በካቻቢቴ የምትዞር ትንሽ ሰማያዊ ፖቴንሺዮሜትር አለቻቸው፤ እሷ የጥቁርንና የነጭን ድንበር ትወስናለች። መልሳቸው ጥቁር ወይም ነጭ ብቻ ነው። ከሁለቱ የሚገኘው ስሕተት «ግራ»፣ «ምንም» እና «ቀኝ» ስለሆነ የስሕተት መጠን የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ መወዛወዝ ብልሽት አይደለም፤ የአሠራሩ ባሕርይ ነው። ሮቦቱ ጠርዝ እስኪነካ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሲነካ ይመለሳል። ሰፋ ባሉ ኩርባዎች ላይ በዝግታ ለሚሄድ የመጀመሪያ ሮቦት በቂ ነው። ማለስለስ የሚፈልግ ሰው የውስጠኛውን ጎማ ሙሉ በሙሉ ከማቆም ይልቅ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንስ፤ ኩርባው ከጠበበ ግን ይህም አይበቃም።

አንድ አናሎግ ሴንሰር በመስመሩ ጠርዝ ላይ። ይህ ከመልኩ የተሻለ ሥራ የሚሠራ አማራጭ ነው። ሴንሰሩ የሚከተለው የመስመሩን መሃል ሳይሆን ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበትን ጠርዝ ነው። ነጭ ላይ 100፣ ጥቁር ላይ 800 ካነበበ ግባችን 450 ይሆናል፤ ከዚያ የራቀው ሁሉ ስሕተት ነው። የስሕተት መጠን ስላለ ተመጣጣኝ ቁጥጥር እውነተኛ ሥራ ይሠራል። ችግሩ ስፋቱ ነው። ንባቡ ከነጭ ወደ ጥቁር የሚለወጠው በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ ስለሆነ ከዚያ ውጭ ስሕተቱ አያድግም። ይባስ ብሎ ሮቦቱ መስመሩን አቋርጦ በሌላው ጎን ነጭ ላይ ከወጣ ሴንሰሩ የሚያየው ያው ነጭ ነው፤ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ያርማል፣ ዞሮም ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል። ጠባብ ኩርባ ላይ የሚሆነው በትክክል ይህ ነው።

አምስት ወይም ስምንት አናሎግ ሴንሰሮች በረድፍ። ለጠባብ ኩርባ የምመርጠው ይህንን ነው። የእያንዳንዱ ሴንሰር ንባብ በቦታው ቁጥር ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ለንባቦቹ ድምር ሲካፈል የመስመሩ ቦታ ይገኛል፤ በሁለት ሴንሰሮች መካከል ያለውንም ጭምር። ይህ እንዲሠራ በሴንሰሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከመስመሩ ስፋት ማነስ አለበት። 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጥቁር ናስትሮ ላይ የ1 ሳንቲ ሜትር ርቀት መልካም ነው፤ ሁለት ሴንሰሮች አንድ ላይ መስመሩን ስለሚያዩት ንባቡ ሳይቋረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ሁለት ሳምንቴን የበላው ይህ ነበር። ነጭ ላይ ያሉት ሴንሰሮች ፍጹም ዜሮ አያነቡም። ንባቡን ከ0 እስከ 1000 ካስተካከልኩ በኋላ እንኳ ነጩ 100 ያህል ይሰጠኝ ነበር። መስመሩ በመጨረሻው ሴንሰር ላይ ሲሆን ንባቦቹ 100፣ 100፣ 100፣ 100፣ 900 ይሆናሉ። ሲሰላ የሚወጣው ቦታ 4000 መሆን ሲገባው 3231 ነው። አራቱ ነጮች ውጤቱን ወደ መሃል ጎትተውታል። በKp 0.06 ማግኘት የነበረብኝ እርማት 120 ነበር፤ ያገኘሁት 74 ብቻ ነው። ሮቦቱ ከፍተኛ እርማት በሚፈልግበት ቅጽበት እርማቱ ከሲሶ በላይ ተቀንሶበታል ማለት ነው። መፍትሔው ከ150 በታች ያለውን ማንኛውንም ንባብ ዜሮ አድርጎ ከስሌቱ ማስወጣት ነው። ሁሉም ዜሮ ከሆኑ መስመሩ ጠፍቷል፤ ያን ጊዜ ቦታው መስመሩ መጨረሻ በታየበት ጎን ይወሰናል፣ 0 ወይም 4000። ይህች ማስታወሻ ከሌለች ሮቦቱ መስመሩ በጠፋበት ቅጽበት ወዴት እንደሚመለስ አያውቅም።

አምስት ወይስ ስምንት? ስምንቱ በዚሁ ርቀት ከመሃል 3.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደየጎኑ ያያሉ፤ አምስቱ 2። ሰፊ እይታ የKpን የታችኛ ወሰን ዝቅ ያደርጋል። ነገር ግን አርዱዪኖ ኡኖ ያለው የአናሎግ መግቢያ ስድስት ብቻ ስለሆነ ስምንት አናሎግ ሴንሰር በቀጥታ አይሰካበትም። የካፓሲተር መፍሰሻ ጊዜን እየለካ የሚያነበው ዓይነት በዲጂታል መግቢያዎች ይሠራል፤ ጥቁር ላይ ንባቡ እስከ 2.5 ሚሊ ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል፣ ይህም ለአብዛኛው ሮቦት ችግር አይደለም።

በረድፍ የተደረደሩ አምስት ዲጂታል ሴንሰሮችም አሉ። አንድ ወይም ሁለት አጎራባች ሴንሰሮች መስመሩን ሲያዩ ዘጠኝ የተለያዩ ቦታዎች ይገኛሉ። ከሁለቱ ዲጂታል እጅግ ይሻላል፤ እርማቱ ግን በደረጃ እየዘለለ ስለሚለወጥ ኩርባ ላይ ትንንሽ ንቅናቄ አይጠፋም።

ካሜራ። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳ ካሜራ በሁለት ምስሎች መካከል 33 ሚሊ ሰከንድ ያሳልፋል። በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚሄድ ሮቦት በዚያ ጊዜ 1.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ምስሉን ለማስላት የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር። ጥቅሙ ኩርባውን ከሩቅ አይቶ ቀድሞ ፍጥነት ማስቀነስ መቻሉ ነው። ምልክት ማንበብ ወይም መገናኛ መንገድ መለየት ለሚፈልግ እንጂ መስመር ለመከተል ብቻ አልመክረውም።

| አማራጭ | የስሕተት መጠን | የእይታ ስፋት | ጠባብ ኩርባ ላይ | ወጪና ድካም |
|---|---|---|---|---|
| ሁለት ዲጂታል | የለም | ጠባብ | ይወዛወዛል፤ በዝግታ ብቻ | ዝቅተኛ |
| አንድ አናሎግ፣ በጠርዝ | አለ | ጥቂት ሚሊ ሜትር | ጎን ይስታል | ዝቅተኛ |
| አምስት ዲጂታል | በዘጠኝ ደረጃ | መካከለኛ | ያልፋል፣ በመንቀጥቀጥ | መካከለኛ |
| አምስት አናሎግ | ሙሉ | መካከለኛ | ለስላሳ | መካከለኛ |
| ስምንት አናሎግ | ሙሉ | ሰፊ | ለስላሳ፣ በፍጥነትም | ከፍ ያለ |
| ካሜራ | ሙሉ | በጣም ሰፊ | በስሌቱ ፍጥነት ይወሰናል | ከፍተኛ |

## ማስተካከል፣ በቅደም ተከተል

መጀመሪያ ሴንሰሩ ከመሬት ያለው ከፍታ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን፤ እንደነዚህ ያሉት ሴንሰሮች በጣም የሚያዩት እዚያ አካባቢ ነው። የፀሐይ ብርሃን ራሱ ኢንፍራሬድ ስላለበት በመስኮት አጠገብ የሚሠራ ሰው ሴንሰሮቹን በጥቁር ወረቀት ይከልል። ከዚያ ሮቦቱን በመስመሩ ላይ ግራና ቀኝ እያዞሩ የእያንዳንዱን ሴንሰር ትንሹንና ትልቁን ንባብ መመዝገብ ይገባል።

ሁለተኛ፣ የኮዱ ዙር በቋሚ ጊዜ ይሂድ፤ 5 ሚሊ ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ዙሩ አንዴ ፈጥኖ አንዴ ከዘገየ ዛሬ የተገኘው ቁጥር ነገ አይሠራም።

ሦስተኛ፣ ከታችኛው ወሰን መነሳት ነው። ለጠባቡ ኩርባ የሚያስፈልገውን እርማት ከላይ እንዳሰላነው አስልቶ፣ ሴንሰሩ ከሚያየው ትልቁ ስሕተት ግማሽ ላይ እንዲገኝ ማድረግ፤ 60 ለ1000 ሲካፈል 0.06። በዚህ ቁጥር ቀጥታው ላይ ካልተንቀጠቀጠ ሥራው በአብዛኛው አልቋል። ከተንቀጠቀጠ የስሕተቱን የመለወጥ ፍጥነት የሚያይ ሁለተኛ ክፍል በስሌቱ ላይ ይጨመራል፤ ቁጥሩ Kd ይባላል። ስሕተቱ ወደ መሃል እየተመለሰ ከሆነ እርማቱን ቀድሞ ያላላዋል፣ ሮቦቱም መሃሉን አልፎ አይወረወርም። በ5 ሚሊ ሰከንድ ዙር የKpን አሥር እጥፍ፣ ማለትም 0.6 ይዞ መጀመር ይቻላል።

```
int error = position - 2000;
int change = error - lastError;
lastError = error;
int fix = Kp * error + Kd * change;
int base = 120 - abs(error) / 40;
setMotors(base + fix, base - fix);
```

አምስተኛው መስመር ስሕተቱ ሲበዛ መነሻ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መሃል ላይ 120፣ ጠርዝ ላይ 70። ቀጥታውን ሳያዘገይ ኩርባውን የሚያቀል በመሆኑ ከሁሉም በላይ ያገዘኝ ይህ አንድ መስመር ነው። የሞተሩ ትእዛዝ ከዜሮ በታች ሲሆን ጎማውን ወደ ኋላ ማዞር አለበት እንጂ በዜሮ መቆረጥ የለበትም፤ አለዚያ ሮቦቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ሬዲየስ ጨርሶ አይዞርም።

## አሁንም ከተወዛወዘ

መወዛወዙን ማየት ምክንያቱን ይናገራል። ቀጥታው ላይም ኩርባው ላይም እኩል ፈጣን መንቀጥቀጥ ካለ፣ Kp ከመቀነስ በፊት ዙሩ ውስጥ የተረሳ `Serial.println` አለመኖሩ ይታይ። በ9600 ፍጥነት አንድ ፊደል 1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ሃያ ፊደል የሚያትም መስመር በየዙሩ ከተላከ ማስተላለፊያው ቋት ይሞላና ኮዱ 20 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። እሱን ብቻ በመሰረዝ ሮቦቱ ሲረጋጋ አይቻለሁ።

ኩርባ ላይ ብቻ የሚታይ የመቆምና የመወርወር ዓይነት ንቅናቄ ከሆነ፣ ጥፋቱ የሞተሩ የሞተ ክልል ነው። ባለ ማርሽ ትንንሽ ሞተሮች ትእዛዙ በጣም ዝቅ ሲል አይዞሩም። የውስጠኛው ጎማ 40 ሲታዘዝ ከቆመ ሮቦቱ ከተጠየቀው በላይ ይታጠፋል፣ ስሕተቱ ይገለበጣል፣ ጎማው በድንገት ይነሳል። ሮቦቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ትእዛዙን በአምስት በአምስት እየጨመሩ መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ቁጥር መለካትና ከዚያ በታች ያለውን ትእዛዝ ወደዚያ ከፍ ማድረግ ነው።

ሮቦቱ ኩርባውን አልፎ ቀጥታው ላይ ሲወጣ ሦስትና አራት ጊዜ እያወዛወዘ የሚረጋጋ ከሆነ ሴንሰሩ ለጎማዎቹ በጣም ቀርቧል። ሴንሰሩ ከጎማው አክስል ፊት ራቅ ሲል ሮቦቱ ገና አፍንጫውን ሲያዞር ስሕተቱን ያያል፤ ሲቀርብ ግን የሚያየው ሮቦቱ ወደ ጎን ከሄደ በኋላ ነው። የእኔን ከ3 ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ሳርቀው ከኩርባ መውጫ ያለው መወዛወዝ ከአራት ወደ አንድ ወረደ። ይህም ዋጋ አለው። ሴንሰሩ ከፊት ሲሆን ጎማዎቹ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ገብተው ይዞራሉ፤ 60 ያልነው እርማት ወደ 67 ይጠጋል። ከአክስሉ ያለው ርቀት የጠባቡን ኩርባ ሬዲየስ ካለፈ ደግሞ ሴንሰሩ ሙሉውን ዙር መስመሩ ላይ ሊቆይ አይችልም። የሬዲየሱ ግማሽ አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው።

## ለማን የትኛው

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራና ወጪ ማብዛት የማይፈልግ ሰው በሁለት ዲጂታል ሴንሰር ይጀምር፤ ኩርባዎቹን ከ20 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ በላይ አድርጎ ናስትሮውን ይለጥፍ። አንድ አናሎግ ሴንሰር ብቻ ያለው የጠርዙን ዘዴ ይሞክር፤ Kp ምን እንደሆነ በእጅ ለመረዳት ከእሱ የሚሻል የለም።

ጠባብ ኩርባ ያለበት መንገድ የሚጠብቀው ሰው አምስት አናሎግ ይግዛ። ወደ ስምንት የሚሸጋገረው መነሻ ፍጥነቱ ሲጨምር የታችኛው ወሰን የላይኛውን ካለፈ ብቻ ነው፤ ያንንም ከመግዛቱ በፊት በወረቀት ማስላት ይችላል።

መንገዱ የ90 ዲግሪ ማዕዘን ካለው ግን ይህ ሁሉ ስሌት አይሠራም፤ የማዕዘን ሬዲየስ ዜሮ ነው። እዚያ Kpን ትቶ የተለየ ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልጋል። በአምስት ሴንሰር ረድፍ ከመሃሉ ጀምሮ በአንድ ወገን ያሉት ሦስቱ በአንድ ጊዜ ጥቁር ካዩ፣ ጎማዎቹ መስቀለኛው ነጥብ እስኪደርሱ ወደ ፊት መሄድ፣ ከዚያ አንዱን ጎማ ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ አዙሮ የመሃሉ ሴንሰር መስመሩን እንደገና እስኪያይ በቦታው መሽከርከር፣ ቀጥሎም `lastError`ን ዜሮ አድርጎ ወደ መደበኛው ዙር መመለስ ነው። ዜሮ ካልተደረገ Kd ከማዕዘኑ በፊት የነበረውን ስሕተት አሁን ካለው ጋር ያነጻጽርና ሮቦቱን ከታጠፈ በኋላ አንድ ጊዜ ይወረውረዋል።